ከአቦል በፊት ክንድሽን ስጪ

እህቶቼ፣ በመጪው እሁድ ስንሰበሰብ ስለ ኩላሊት እንዳወራ ተጠይቄአለሁ። እሁድ የማይሰጣቸውና ከቤት የማይወጡ እህቶች ስላሉን የምናገረውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ማንበብ የማትችል ጓደኛ ያለቻችሁ በስልክ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩላት።

ሐሳቤን ከፊት ልንገራችሁ። በማኅበሩ ገንዘብ የደም ግፊት መለኪያ እንግዛ ስል አንዳንዶቻችሁ አልተስማማችሁም። «ሜዲካል አልፈን አይደል የመጣነው?» ያለችም ነበረች። እኔ ግን ሜዲካሉ ያየው የዚያን ቀን ለሥራ እንሆን እንደሆነ ነው እላለሁ። ወረቀቱም እጃችን ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ ለአንዳንዶቻችን አምስት፣ ለአንዳንዶቻችን አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክንዷን የተለካች ስንት ናት?

ኩላሊት እንደ ጥርስ አይደለም፣ ሲጎዳ አያስጮህም። ወገቤን ሲያመኝ ኩላሊቴ ነው የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃ ባልዲውና የምናነሳው ምንጣፍ ነው። ኩላሊት ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ፣ ደማችንን የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። ደሙ በኃይል ሲገፋቸው፣ ወይም ስኳር ሲበዛበት፣ ወንፊቱ ቀስ በቀስ ይበላሻል። የተበላሸው መልሶ አይበቅልም። እግር አብጦ፣ ምግብ አስጠልቶ፣ ትንፋሽ አጥሮ እስክናውቀው ድረስ አብዛኛው ወንፊት አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስሜት አይታወቅም፣ በመለካት እንጂ።

አንዲት እህታችን ፈቅዳልኝ የሷን ልንገራችሁ። ስሟ ይቆይ። ዕድሜዋ 38 ነው፣ አንድ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማታል። ማዳሟ አይቡፕሮፌን ትሰጣታለች፣ ውጣ ሥራዋን ትቀጥላለች። እንዲህ እያለች አንድ ዓመት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል ዋጠች። አንድ እሁድ በሰው መለኪያ ለካኋት፣ 168 በ104 ሆነ። ደነገጠች። ደረጃ ወጥታ መምጣቷ ስለሆነ አምስት ደቂቃ አስቀምጬ ደግሜ ለካሁ፣ 164 በ102። በሚቀጥለው ሳምንት ሰፈሯ ያለው ፋርማሲ ሁለት ቀን ተለካች፣ አሁንም ከ160 አልወረደም። ያኔ ነው ሐኪም ዘንድ የሄደችው።

ሐኪሙ ደምና ሽንት አስመረመራት። ስኳሯ ሳትበላ 118 ነበር። የስኳር በሽታ የሚባለው በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ሲደገም ነው፤ ከ100 በታች ደህና ነው። እሷ መሐል ላይ ናት። ሽንቷ ውስጥ ግን ፕሮቲን ተገኘ። ደህና ወንፊት ፕሮቲን አያሳልፍም፣ መሾለኩ የመጀመሪያው ምልክት ነው። አይቡፕሮፌኑን አስቆማት፣ የግፊት ኪኒን ጀመረላት፣ ጨው እንድትቀንስ ነገራት። ከወር በኋላ 134 በ84 ሆነች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን «ዳንኩ» ብላ ኪኒኑን ተወችው። በሁለት ወሩ 158 በ98 ተመለሰ። ኪኒኑ ግፊቱን ይዞ የሚያቆይ እንጂ ነቅሎ የሚጥል አይደለም። አሁን በሥርዓት ትውጣለች፣ ሽንቷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ከአንድ ዓመት በፊት ብትለካ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለች ታስባለች፣ እኔም አስባለሁ።

ስለ ማስታገሻው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ክርክሬ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ (ቮልታረን የምንለው) በየቀኑ ሲወሰዱ ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳሉ። በሙቀት ቀን ውሃ ሳንጠጣ ስንሠራ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ራሷን ያመማት እህታችን የራስ ምታቷ ከግፊት ይሁን ከድካም ሳታውቅ ግፊቱን በሚጨምር ኪኒን ታባብለዋለች ማለት ነው። ለአልፎ አልፎ ሕመም ፓናዶል ይሻላል፣ እሱም በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሳያልፍ። በሳምንት ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ማስታገሻ የምትፈልግ ሰው ግን የሚያስፈልጋት ሌላ ኪኒን ሳይሆን መለኪያ ነው።

አሁን አለካኩ። እሁድ ቡና ስለምናፈላ ከአቦል በፊት ነው የምንለካው። ቡና ከጠጣን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። ሽንት ቤት ሄደን፣ አምስት ደቂቃ ጀርባችንን ደገፍ አድርገን፣ እግራችንን ሳናቆላልፍ እንቀመጣለን። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ፣ እጅጌ ወጥቶ። ወሬ የለም! እያወሩ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ እናንተን ዝም ማሰኘት እንደሚከብድ ባውቅም። ክንዷ ወፍራም የሆነች እህት ትልቁ ጨርቅ ያስፈልጋታል፣ ጠባቡ የሌለባትን ግፊት ያሳያል። ሁለት ጊዜ እንለካና ሁለቱንም ደብተር ላይ እንጽፋለን። አንድ ቀን 140 በ90 ስለታየ ግፊት አለብሽ አይባልም፤ በተለያየ ቀን ሲደጋገም ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። 180 በ120 ከደረሰና ደረት ካመመ፣ ዓይን ከደበዘዘ ወይም አንድ ጎን ከደነዘዘ ግን እሁድ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል።

ለስኳሩ ከምሽት ጀምሮ ሳትበሉ ኑ፣ ውሃ ይቻላል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ፍራፍሬ ስትልጡ ያደራችሁበት ጣት ውሸት ቁጥር ይሰጣል። መርፌው ለእያንዳንዷ አዲስ ነው። «እህቴ ናት፣ ምን አለበት» ብላችሁ በአንድ መርፌ እንዳትወጉ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በዚህ ይተላለፋል።

አንዲት ልጅ «ባውቀውስ ምን አደርጋለሁ? ማዳም ሐኪም ጋ አትወስደኝም» ብላኝ ነበር። ይህን ጥያቄ አላቃልለውም። ኢቃማ የሌላት ደግሞ የበለጠ ይከብዳታል። ግን አንድ ያየሁት ነገር አለ። «ራሴን አሞኛል» ስንል መልሱ ያላ፣ ፓናዶል ዋጪ ነው። የሦስት ቀን ቁጥር በወረቀት ላይ ሲቀርብ ግን ማዳሞች ይሰሙታል፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ወይም እናቶቻቸው ግፊት ስላለባቸው ቁጥሩን ያውቁታል። ደግጥ ማለት ግፊት ነው፣ ሱካሪ ማለት የስኳር በሽታ ነው፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙ። ቤት ውስጥ የማዳም እናት መለኪያ ካለም «አንድ ጊዜ ልለካ» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ የሄድኩባቸው ፋርማሲዎችም ግፊት ለመለካት ወረቀት ጠይቀውኝ አያውቁም።

ቢያንስ በዓመት አንዴ ሁላችንም እንለካ። ግፊት ወይም ስኳር ያለባት፣ ወይም እናት አባቷ የነበረባቸው፣ ቶሎ ቶሎ። ግፊት ወይም ስኳር የተገኘባት ደግሞ ሐኪሟን ሁለት ነገር ትጠይቅ፤ የሽንት ፕሮቲንና ክሪያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች የግፊት ኪኒን ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሙ ትናገር፣ አንዳንዱ ኪኒን ለጽንሱ አይሆንም። የጓደኛን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥም ይቅር።

እሁድ ስትመጡ የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ ከነፓኬቱ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ ማዳም የሰጠችውንም ጭምር። ደብተሩን እኔ አመጣለሁ።