ዝምታ ፊርማ አይደለም

የአዲስ ዓመት ካሌንደር ያዘዘ ድርጅት የማረጋገጫ ናሙናውን ይዞ ሁለት ሳምንት ዝም ይላል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በየቀኑ እየደወለ «ሰላም ነው? እንዴት ሰነበቱ?» ይላል፤ ስለ ፊርማው ግን ትንፍሽ አይልም። ይህ ጨዋነት ሳይሆን ሥራን በይሉኝታ መግደል ነው! ብዙ ጊዜ እኮ ናሙናው የቆመው ኃላፊው ስለናቀው አይደለም፤ ስልክ ቁጥሩንና የዓርማውን ቀለም የሚያይ ሰው ስላልተመደበ ነው። መጀመሪያ «ማን ጋር ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ አንድ አጭር መልእክት መላክ ይበቃል፦ «እስከ ነሐሴ 10 ፈርመው ከላኩልን ጳጉሜን 1 እናስረክባለን፤ ከዘገየ ርክክቡም በዚያው ልክ ይገፋል።» ወቀሳ የለው፣ ልመና የለው። «ዝም ካሉማ ተስማምተዋል» ብሎ ፕሌት ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ አንድ ስልክ ቁጥር ቢሳሳት የወረቀቱን ኪሳራ የሚሸከመው ያለ ፊርማ ያተመው ነው።