የአምቦው ጋዝና የአሣዎቹ ትንፋሽ

ባለፈው የዕረፍት ሳምንት እህቴን ልጠይቅ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይዤ ነበር። አንዱ የጠርሙስ አምቦ ውሃ ነው። ሌላው ለእህቴ ልጅ ቃል የገባሁላት ሁለት ጎልድ ፊሽ የያዘ ፌስታል። አሣዎቹን ስገዛ ሻጩ ፌስታሉን በግማሽ ሊሞላው ሲል፣ «ኧረ ውሃ ጨምርበት፤ ረጅም መንገድ ነው» ብዬ እስከ አፉ አስሞላሁት። ስህተቱ የእኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ በጃኬት ነበርን። ጣርማበርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ቀወት ስንገባ መስኮቱን ከፍተንም ላብ በላብ ሆንን። ቤት ደርሰን እናቴ አምቦውን ስትከፍተው ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ፌስታሉን አየችና፣ «አክስቴ፣ አሣዎቹ ለምንድን ነው አፋቸውን ወደ ላይ የሚከፍቱት?» አለችኝ።

ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ስለሟሟ ጋዝ።

ከአምቦው እንጀምር። ጠርሙሱ ሲታሸግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ታምቆ ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። ክዳኑ እስካለ ድረስ ከላይ ያለው ጋዝ ውሃውን ስለሚጫነው የሟሟው መውጫ የለውም። ክዳኑ ሲነሳ «ጭስ» የሚለው ድምፅ ግፊቱ ሲለቅ የሚሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃው ያን ያህል ጋዝ መያዝ አይችልም፤ ጋዙ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጭረቶች ዙሪያ አረፋ እየሠራ ይወጣል። መኪናው ሲንገጫገጭ ደግሞ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ስለሚቀሩ፣ ሲከፈት ጋዙ በእነሱ ላይ ተረባርቦ ይገነፍላል።

ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ውሃ ሲሞቅ የጋዝ ቅንጣቶቹ እንቅስቃሴ ይፈጥናል፤ ከውሃው ለማምለጥም ይቀላቸዋል። በእኩል ግፊት አንድ ሊትር ውሃ 5 ዲግሪ ላይ 1.4 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ግን ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም። የሞቀ አምቦ ሲከፈት የሚገነፍለውና ቶሎ ጋዝ አልባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሣዎቹ የሚተነፍሱት ኦክስጅንም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ልዩነቱ መጠኑ ነው። አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን አለ፤ በሃያ ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ግን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። አሣ በስንጥቦቹ የሚያጣራው ይህችን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሩ ውሃውን ይበልጥ ይጫነዋል፤ ይህ ሙቀቱ የሚቀንሰውን ኦክስጅን በከፊል ይክሳል። ታዲያ አሣዎቹ ለምን ተጨነቁ? አንደኛ፣ አሣ የሰውነቱን ሙቀት ከውሃው ነው የሚያገኘው። ውሃው በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተነፈሱት የሚተካው ከላይ ካለ አየር ነው፤ እኔ ደግሞ አየሩን በውሃ ተክቼዋለሁ። አፋቸውን ወደ ላይ የሚከፍቱት ከአየር ጋር የሚገናኘው ስስ የውሃ ሽፋን የተሻለ ኦክስጅን ስላለው ነው። ምልክቱ ይህ ነው፤ ርቧቸው ነው ብሎ ምግብ መጣል ግን ውሃውን ያባብሰዋል።

ውሃውን ከነአሣዎቹ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገለበጥነው። እህቴ በጣሳ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስ ጀመር፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። በፌስታል የታሰረ በረዶም አንሳፈፍንበት፤ በረዶውን በቀጥታ ብንጨምር ድንገተኛው ቅዝቃዜ ራሱ ይጎዳቸው ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንደኛዋ ወደ ታች ወርዳ መዋኘት ጀመረች። ሌላዋ አልተረፈችም።

ወደ ቆላ አሣ የምትወስዱ ከሆነ የፌስታሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ውሃ፣ ቀሪውን አየር አድርጉት። በአፋችሁ አትንፉት፤ ከሳንባችን የሚወጣው አየር ኦክስጅኑ የቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የበዛ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም ወዲያው አትጠቀሙ፤ መፍላቱ የሟሟውን አየር አስወጥቶታል። ፌስታሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከፀሐይ አርቁት።

የእህቴ ልጅ አሁን የሳፋውን ውሃ ጠዋትና ማታ በጣሳ ታፈሳለች። እናቴ ደግሞ አምቦን ሳይቀዘቅዝ አትከፍትም።