ፖስተራችን የራሳችንን ግቢ ያሳይ!
ለአይሲቲና ለሥነ ጥበብ መምህራን፣ ለሚኒ ሚዲያ ክበባት የቀረበ ጥሪ

በየትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ «እጃችንን እንታጠብ» የሚሉ ፖስተሮች አሉ። ብዙዎቹ ላይ የምናየው ግን ከኢንተርኔት የወረዱ የማናውቃቸው ልጆችና ግቢያችን ውስጥ የሌለ መታጠቢያ ነው። በዚህ ሴሚስተር ይህን እንቀይር። ተማሪዎቻችን የራሳቸውን ቧንቧ፣ የራሳቸውን ሳሙና አንስተው፣ ጀርባውን ቆርጠው፣ ኮላዥ ፖስተር ይሥሩ። ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ አንድ የካሜራ ስልክና ጊምፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃናል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ግቢ እንውጣ። ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርገን እንመድብና እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ያንሳ፦ ቧንቧውን፣ ሳሙናውን፣ ጆጉን፣ የታጠቡ እጆችን፣ የቆመ ተማሪን። የቆረጣው ግማሽ ሥራ እዚህ ያልቃል። ጥቁር ፀጉር ከጨለመ በር ፊት ከተነሳ ጠርዙ አይለይም፤ በኖራ ከተቀባ ግድግዳ ፊት ግን ጎልቶ ይወጣል። ነጭ ሳሙና ደግሞ በነጩ ግድግዳ ላይ ይጠፋል፤ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ። ተማሪው ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይበል፤ ያለዚያ ጥላው አብሮት ይቆረጣል። ከቀትር ፀሐይ ጥላ ሥር ማንሳት ይሻላል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንቁረጥ። `remove.bg` የተባለው ድረ ገጽ ጀርባን በሰከንዶች ያነሳል፤ ሆኖም በነጻ የሚሰጠው ምስል ትንሽ ነው። ስፋቱ 600 ፒክስል የሆነ ምስል በ150 ዲፒአይ ሲታተም 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ብንለጥጠው ይደበዝዛል። የልጆቻችንም ፊት ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ይሄዳል። ስለዚህ በድረ ገጹ ትንንሽ ዕቃዎችን ብቻ እንቁረጥ፤ ሰውን ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው በጊምፕ እንቁረጥ።

አሠራሩ ይህ ነው። ፎቶውን ከፍተን በመጀመሪያ `Layer > Transparency > Add Alpha Channel` እንላለን። ይህን የዘለለ ተማሪ ጀርባውን ሲያጠፋ በቦታው ነጭ ቀለም ይመጣበታል። በትክክል የሠራ ግን ግራጫ የቼዝ ሰሌዳ መሰል ነገር ያያል፤ ባዶ ቦታ ማለት ይህ ነው። ከዚያ `F` ተጭኖ ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ እያለ ነጥብ በነጥብ ይዞራል፤ መነሻው ላይ ሲደርስ ዘግቶ `Enter` ይላል። `Select > Feather` ገብቶ 2 ፒክስል ቢሰጠው ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ አይመስልም። በመጨረሻም `Select > Invert` ብሎ `Delete` ይጫናል። የተጠቀለለ ፀጉርን ዘለላ በዘለላ ለመከተል ጊዜ አናባክን፤ ቅርጹን በጥቅሉ መያዝ ለፖስተር ይበቃል።

`File > Export As` ብለን ስሙን በ`.png` እንጨርስ። በ`.jpg` ከተቀመጠ ባዶው ቦታ በቀለም ይሞላል። የዕቃዎቹን ቁራጭ በቴሌግራም የምንላላክ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀውና የደከምንበት ቆረጣ ይጠፋል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንገጣጥም። ስፋቱ 1240፣ ቁመቱ 1754 ፒክስል የሆነ አዲስ ገጽ እንክፈት፤ ይህ በ150 ዲፒአይ የኤ4 ወረቀት ልክ ነው። አምስቱን ቁራጮች በ`File > Open as Layers` እናስገባ። አንዱ ብቻ ትልቅ ይሁን፤ እጆቹ ቢሆኑ መልእክቱ ከሩቅ ይነበባል። ጽሑፉ ከስድስት ቃል አይብለጥ። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ `Noto Sans Ethiopic` የተባለውን ነጻ ፎንት እንጫን። ሥራው በ`.xcf` ጭምር ይቀመጥ፤ የፊደል ግድፈት ሲገኝ ሌየሩን ብቻ እናርማለን።

ስንመዝንም ሦስት ነገር እንይ፦ ጠርዙ ንጹሕ ነው? ብርሃኑ በሁሉም ቁራጮች ላይ ከአንድ ወገን ይመጣል? ከአምስት እርምጃ ርቀት ይነበባል?

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ሥራውን እንከፋፈል። ጊምፕን ቀድታችሁ ለሌላው ማካፈል ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱ ራሱ ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለው ትምህርት ቤት በፍላሽ ለጎረቤቱ ያድርስ። ተማሪዎች የቆረጧቸውን ዕቃዎች፣ ቧንቧውንም ጆጉንም፣ ስም ሰጥተን በአንድ ፎልደር እናከማችና እንለዋወጥ። የልጆች ፎቶ ግን ከትምህርት ቤቱ አይውጣ፤ ለግድግዳውም ቢሆን አስቀድመን ወላጅ እናስፈቅድ። በዚህ ሳምንት ጊምፕን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቧንቧው ውጡ!