ከገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ በግም እንግዳ ነው

አዲስ የተገዛ በግ ተለይቶ መቆየት እንዳለበት አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁም ትሞክራላችሁ። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ብዙ ሰው ከቁጥር የማያስገባውን በግ ነው። ጠዋት ከቤታችሁ ወጥቶ አዲሎ ገበያ ሲቆም ውሎ፣ ዋጋ አልመታ ብሎ ማታ የተመለሰውን። "እሱማ የራሴ በግ ነው፣ ቤቱን ያውቃል" ትላላችሁ። የእናንተ መሆኑ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ከየት እንደመጡ ከማይታወቁ በጎች ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሲተሻሽ መዋሉም እውነት ነው። ለበሽታ ዛሬ ከተገዛው በግ ምንም አይለይም።

ለምን 21 ቀን እንደሚባል ልንገራችሁ። አካባቢያችንን በጣም የሚያሰጋው ፒ ፒ አር የሚባለው፣ ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ ነው። ቫይረሱ የከብት ደስታ ቫይረስ ዘመድ ነው። የከብቱ ደስታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች ተነስቶ አገሩን ከብት አልባ ያደረገና ክፉ ቀን ያመጣው ነው። ፒ ፒ አር በበጉ ሰውነት ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ምንም ምልክት አያሳይም፣ አንዳንዴ እስከ 2 ሳምንት ይደበቃል። የበግ ፈንጣጣ ደግሞ እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ፒ ፒ አር የያዘው በግ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በእንባው፣ በንፍጡና በፋንድያው ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ "ደህና ነው፣ ሳሩን እየበላ ነው" ብላችሁ በ3ኛው ቀን ብትቀላቅሉት፣ በ5ኛው ቀን እሱ ማሳል ሲጀምር በሽታው ወደ ሌሎቹም ተላልፎ ሊሆን ይችላል።

"ቦታ የለኝም" ለምትሉ፦ ሁለተኛ በረት ሥሩ አላልኩም። ከቤታችሁ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ። የራሳችሁ በጎች ከፊት ለፊት ሳሩ ላይ ይዋሉ፣ እንግዳው ጓሮ ይታሰር። ማታ ዝናብ እንዳይመታው ከላይ ጣል የምታደርጉለት ነገር ከኖረ በቂ ነው። ዋናው ነገር መነካካት አለመቻላቸው ነው። 20 እርምጃ ያህል ይራቁ፣ አንድ ገንዳ አይጠጡ፣ በአንድ ገመድ አይታሰሩ። የጎረቤት በግ በጓሮ በኩል የሚገባ ከሆነም አጥሩን ድፈኑ።

ሌላው ስህተት በእጅና በእግር የሚሄደው ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን በጎች አብሉ፣ አጠጡ፤ እንግዳውን በመጨረሻ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጫማችሁንም እጠቡ። የፒ ፒ አር ቫይረስ ከበጉ ውጭ ብዙ አይቆይም፣ ሳሙናም ያጠፋዋል። የፈንጣጣው ግን በቅርፊት ውስጥ ሆኖ ጥላ ባለበት በረት ለወራት ይቆያል። ለዚህ ነው የእንግዳውን ፋንድያ 21 ቀኑ እስኪያልቅ ለብቻ ከምሩ የምለው። ወዲያው እንሰቱ ሥር በትናችሁት የራሳችሁ በጎች እንዳይረግጡት።

በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ ስጡት። የሰጣችሁትን በልቷል? ዓይኑና አፍንጫው ረጥቧል? ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱና ምላሱ ላይ ቁስል አለ? ተቅማጥ ይዞታል? ጸጉር የሌለበትን የጭራውን ሥርና ብብቱን ዳስሱ፤ እብጠት ወይም ቅርፊት ካገኛችሁ ፈንጣጣን ጠርጥሩ። ቴርሞሜትር ያለው ካለ፣ ጠዋት አርፎ ባለበት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ባለሙያ ይጥራ። ሳል ብቻውን ፒ ፒ አር ነው አይባልም፤ የመንገድ ድካም የሚያመጣው የሳንባ ምችም ያስላል። ትኩሳት፣ ንፍጥ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ አብረው ከመጡ ግን አንድ ቀን አታሳድሩ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። እባካችሁ በዚያን ጊዜ በጉን ገበያ አታውጡ። እናንተ የሸጣችሁት ነገ የጎረቤታችሁ መንጋ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል።

"አስከትቤዋለሁኮ!" የሚለኝም አለ። የፒ ፒ አር ክትባት ጥሩ ክትባት ነው፣ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዓመታት ይከላከላል። ግን መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ገበያ ላይ በሽታው የገባበትን በግ ደግሞ አያድነውም። በዕለቱ አስከትቦ በዕለቱ መቀላቀል ራስን ማታለል ነው። ክትባቱ ቀድሞ የሚያስፈልገው ቤት ላሉት ነው፤ ለመግዛት ካሰባችሁ ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት አስከትቧቸው። አንድ መርፌ ከእንግዳው ወጥቶ የራሳችሁ በግ ላይ እንዳይገባም ተቆጣጠሩ።

አሁን ወደ ቆጠራው። አንድ ቤተሰብ 5 እናት በጎች አሉት እንበል። ለመስቀል ለማደለብ ሁለት ሙክት ገዝቶ ጓሮ አሰረ፤ ይህ ቀን 1 ነው። በቀን 12 ሦስተኛ ገዝቶ አጠገባቸው አሰረው። ብዙ ሰው "ሁለቱ በቀን 22 ይወጣሉ፣ ሦስተኛው ይቆያል" ይላል። አይሆንም። ሦስቱ ስለተነካኩ ቆጠራው ለሁሉም ከቀን 12 እንደገና ይጀምራል፣ ሦስቱም የሚወጡት በቀን 33 ነው። የምትገዙትን በአንድ ጊዜ ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ የሚደልብ በግ እነዚህን ቀናት አያባክንም። የትል መድኃኒት የሚሰጠውም፣ ፉርሽካ ቀስ በቀስ የሚለምደውም በነዚሁ ቀናት ነው። እስኪሸጥም እዚያው ቢቆይ ከእናት በጎቹ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ የለም።

ሳይሸጥ የተመለሰውም እዚያው ጓሮ ይገባል። "በየሳምንቱ ገበያ እወጣለሁ፣ ሁልጊዜ 21 ቀን ልቆጥር ነው?" ካላችሁ መልሴ አጭር ነው፦ የሚሸጠውን ከመጀመሪያው ለዩት። አንዴ ገበያ የረገጠ በግ እስኪሸጥ ድረስ የገበያ በግ ነው፣ ከእናቶቹና ከግልገሎቹ ጋር አያድርም። በዶዮገና እንደሚደረገው የተመረጠ አውራ በግ በጋራ የምትጠቀሙም ብትሆኑ፣ አውራው ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው ሲሻገር ሕጉ ያው ነው።

21 ቀን ሁሉንም አያጠራም። ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላ በውጭ ሳይታይ ይኖራል። ስለዚህ ያረገዘች በግ ከገዛችሁ እስክትወልድ ለይታችሁ አቆዩ። ከጣለች የጣለችውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለሰውም ይተላለፋል፤ ቅበሩትና ለባለሙያ ንገሩ።

እንግዲህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በጎቻችሁን ስትነዱ፣ ማታ ለሚመለሰው የጓሮውን ካስማ ጠዋት ተክላችሁ ውጡ። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ካስማ አይተከልም፤ በጉም በለመደው መንገድ ቀጥ ብሎ ከመንጋው ይቀላቀላል።