የመስመሩ መነሻ የማን ውጤት ነው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። እንዲህ ያለ ውጤት በተሰማ ቁጥር ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ተማሪዎቻችን በሳምንት ስንት ሰዓት ያጠናሉ? አንድ ሰዓት ቢጨምሩስ ስንት ነጥብ ያገኛሉ?» የሚለው ነው። ጥያቄው በቁጥር ሊመረመር የሚችል ነው፤ የጥናት ሰዓትንና የፈተና ውጤትን በአንድ ቀጥተኛ መስመር ማያያዝ፣ ማለትም ሪግሬሽን መሥራት፣ ለብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የተለመደ መንገድ ነው። እኛ እንደምናምነው ግን ችግሩ ከስሌቱ በኋላ ይጀምራል። ከስሌቱ የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች፣ ተዳፋቱና መነሻው፣ ያልተናገሩትን እንዲናገሩ ይደረጋሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኛ የመረጥናቸው እንጂ ከትምህርት ቤት የተሰበሰቡ አይደሉም። በደብረ ታቦር የሚማሩ አምስት ተማሪዎች በሳምንት 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሰዓት አጠኑ እንበል፤ ከመቶ ያገኙትም በቅደም ተከተል 41፣ 52፣ 50፣ 60 እና 62 ነው። የሰዓቱ አማካይ 8፣ የውጤቱ አማካይ 53 ይሆናል። የእያንዳንዱ ተማሪ ሰዓት ከአማካዩ የራቀበትን መጠን ውጤቱ ከአማካዩ በራቀበት መጠን አባዝተን ብንደምር 100 እናገኛለን። የሰዓት ርቀቶቹን ለየብቻ በራሳቸው አባዝተን ብንደምር ደግሞ 40 ይሆናል። 100 ለ40 ሲካፈል 2.5 ነው፤ ተዳፋቱ ይህ ነው። መስመሩ በሁለቱ አማካዮች ነጥብ ማለፍ ስላለበት መነሻው 53 ሲቀነስ 2.5 በ8፣ ማለትም 33 ነው። እንግዲህ መስመሩ y = 33 + 2.5x ሆነ።

«ምንም ያላጠና ተማሪ 33 ያገኛል» የሚለው አነባበብ ወዲያው ይከተላል። አንዳንዱም ይቀጥልና አራት ምርጫ ባለው ፈተና በግምት ብቻ ከመቶ 25 ያህል እንደሚገኝ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ቀሪው 8 ነጥብ በክፍል ውስጥ የተሰጠው ትምህርት ፍሬ ነው ይላል። ማብራሪያው ያምራል፤ ነገር ግን ከአምስቱ ተማሪዎች መካከል ከ4 ሰዓት በታች ያጠና አንድም የለም። 33 የሚለው ቁጥር የማንም ውጤት አይደለም፤ መስመሩን ተማሪ ወደሌለበት ስፍራ በማስመሪያ ስንጎትተው ያገኘነው ነው። በሌላው ጫፍም ብንጎትተው 30 ሰዓት ያጠና ተማሪ ከመቶ 108 ያገኛል ይለናል። የ108ቱን ስሕተት ሁሉም ያያል፤ የ33ቱ ግን ሊሆን የሚችል ስለሚመስል ያልፋል።

የመነሻውን ባሕርይ ለመረዳት የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ይረዳናል። አንድ ማለዳ ደብረ ታቦር ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ከዚያም በየሰዓቱ 2 ዲግሪ ጨመረ እንበል። ከንጋት ጀምሮ ለምንቆጥር ለእኛ መነሻው 8 ነው፤ ትርጉምም አለው። ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥረው የውጭ ሰው ግን ያው መስመር መነሻው −4 ይሆንበታል። ተዳፋቱ አልተለወጠም፤ የአየሩም ሙቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዜሮ ብለን የጠራነው ጊዜ ብቻ ነው። −4 ዲግሪን በዚያ እኩለ ሌሊት የለካው ማንም የለም። መነሻ ማለት እንግዲህ ዜሮን የት እንዳስቀመጥን የሚከተል ቁጥር ነው፤ ዜሮው መረጃ ባለበት ስፍራ ካልዋለ ትርጉም አይኖረውም።

ከዚህም በላይ መስመሩ ከአማካዩ በራቅን መጠን እርግጠኝነቱ ይላላል። በምሳሌያችን የመስመሩ መደበኛ ስሕተት በአማካዩ፣ በ8 ሰዓት ላይ፣ 1.5 ነጥብ ያህል ነው፤ በዜሮ ሰዓት ላይ ግን ሦስት እጥፍ ሆኖ 4.5 ይደርሳል። ከአምስት ተማሪዎች ብቻ ስለተነሣንም የመነሻው የ95 በመቶ ክልል ከ19 እስከ 47 ይዘረጋል፤ ይህም መስመሩ እስከ ዜሮ ድረስ ቀጥ ብሎ ይዘልቃል ብለን ነው። ክልሉ የግምቱን 25 ያቅፋል። «8 ነጥብ የክፍሉ ትምህርት ፍሬ ነው» ያለው ሰው እንግዲህ ከዜሮ ሊለየው የማይችለውን ቁጥር ነው የተረጎመው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው፤ መስመሩ ከአማካዩ ተነሥቶ ይጻፍ። y = 53 + 2.5(x − 8) ያው መስመር ነው፤ ነገር ግን 53 በሳምንት 8 ሰዓት ለሚያጠና ተማሪ የሚጠበቅ ውጤት ስለሆነ ማንም ሊረዳውና በመረጃው ሊያመሳክረው ይችላል።

ተዳፋቱስ? 2.5 «አንድ ሰዓት የጨመረ ተማሪ 2.5 ነጥብ ይጨምራል» ተብሎ ሲነበብ እንሰማለን። መረጃው ግን አንድን ተማሪ ሰዓት ጨምሮ ሲያጠና አልተከታተለም፤ የተለያዩ ተማሪዎችን ነው ያነጻጸረው። በሳምንት በአንድ ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ተማሪዎች በአማካይ በ2.5 ነጥብ ይለያያሉ፤ ቁጥሩ የሚለው ይህን ብቻ ነው። ከፋርጣ የገጠር ቀበሌ መጥቶ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስንቁን ከቤተሰቡ ያመላልሳል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ራሱ ያበስላል። ከወላጆቹ ጋር ከተማ ውስጥ የሚኖረው ጓደኛው ይህ ሁሉ አይጠብቀውም። የገጠሩ ልጅ የጥናት ሰዓቱ አነስተኛ ይሆናል፤ ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት መጽሐፍና መምህር የጎደለው ከነበረም ውጤቱ በዚያም ምክንያት ዝቅ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ሲጨመሩ የሰዓቱና የውጤቱ ማነስ የጋራ ምክንያት ይበልጥ ይሰፋል። ይህ ሁሉ በ2.5 ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

እንዴት ይታወቃል? ተከራዮቹን ለብቻ፣ ከወላጅ ጋር የሚኖሩትንም ለብቻ አድርጎ ሁለት መስመሮች ማስመር ነው። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ ተዳፋቱ ከ2.5 ወርዶ 1 አካባቢ ቢገኝ ከልዩነቱ የሚበዛው የኑሮው እንጂ የሰዓቱ አልነበረም ማለት ነው። ባይወርድም ሌላ ያልተለካ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ቢያንስ አንዱ ጥርጣሬ ተፈትኖ አልፏል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። «አንድ ሰዓት 2.5 ነጥብ ያመጣል» ብሎ የሚያምን መምህር ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን የተከራይ ልጅ ሰነፍ ይለዋል። «በአንድ ሰዓት የሚለያዩ ተማሪዎች በ2.5 ነጥብ ይለያያሉ» ብሎ ያነበበው ግን ልጁ ያን ሰዓት ያጣው በምን እንደሆነ ይጠይቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎቻችን ከሪግሬሽኑ ሠንጠረዥ ሥር ያለውን ማብራሪያ በሁለተኛው አነጋገር እንዲጽፉ፣ አማካሪዎቻቸውም ይህን እንዲጠይቁ እንሻለን።