ጤፍና ቁልቁለት
ስለ አፈር መሸርሸር የቤት ሥራ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ «የደን መመናመን» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የጤፉን ማሳ ነው። ጤፍ የላመ አፈር ስለሚሻ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፤ የሚዘራውም በአብዛኛው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲበረታ ነው። ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ጎርፉ ለሙን አፈር ጠርጎ ይወርዳል፤ ከዓመት ዓመት ድንጋዩ ያገጣል፣ ምርቱም ይቀንሳል። መድኃኒቱ እርከን ነው፤ ግን በዓይን ግምት አይሠራም። በውሃ ልክ ካልተቀየሰ ውሃው ዝቅ ባለው ቦታ ተጠራቅሞ ይደረምሰዋል፣ ከታችም ቦረቦር ይከፍታል። እርከን ያፈረሰን ገበሬ ሰነፍ የሚሉ ግን አይገቡኝም፤ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ማሳ ላይ እርከኑ በየ5 ሜትሩ ሲደረደር መሬት ይበላል፣ በሬም መዞሪያ ያጣል። ጠርዙ ላይ የሚታጨድ ሣር ቢተከል የተበላው መሬት በመኖ መልክ በከፊል ይመለሳል፤ ከብቱ ራሱ ገብቶ ካልጋጠው።