ለቤንዚን አንድ፣ ለላምባ ሌላ ጀሪካን

በደብረ ታቦርም ሆነ በደቡብ ጎንደር የወረዳ ከተሞች ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድና በጀሪካን ተሞልቶ ሱቅ ጓዳና መኖሪያ ቤት ይገባል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ጥቁር ገበያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ባዶው ጀሪካን ነው፤ ትናንት ቤንዚን የያዘው ዛሬ ላምባ ይቀዳበታል።

ላምባ 38 ዲግሪ ያህል ካልሞቀ በእሳት የሚያያዝ በቂ ትነት አይሰጥም። ኩራዝ የሚያገለግለንም በዚሁ ጠባዩ ነው፦ ክሩ ይነድዳል፣ ከሥር ያለው ላምባ አይነካም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ለእሳት ዝግጁ ነው። እንግዲህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ቤንዚን ቀርቶበት ላምባ ቢሞላበት፣ ከአሥር አንዱ እጅ ቤንዚን ይሆንና ድብልቁ በቤት ሙቀት በቀላሉ ይያያዛል። የባሰው ነገር ሌላ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የንጹሕ ቤንዚን ትነት እጅግ ስለሚበዛ አየር አጥቶ ላይፈነዳ ይችላል፤ የድብልቁ ትነት ግን ከአየር ጋር ለፍንዳታ በሚመች መጠን ይገናኛል። ጎዶሎ ኩራዝ ሲለኮስ እጅ ላይ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት እንዲህ የተበከለ ላምባ በየቤቱ ፈንድቶ ብዙ ሰው አቃጥሏል።

«አገራችን ደጋ ነው፣ ብርዱ ይጠብቀናል» የሚል አይጠፋም። ብርዱ ላምባን ይጠብቅ ይሆናል፤ ለቤንዚን የደብረ ታቦር ሌሊት ሞቃት ነው። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ተስቦ በመጋረጃ ሥር አልፎ የቡና ከሰል ዘንድ ይደርሳል። የሲሊንደር ጋዝም እንዲሁ ወደ ታች ይወርዳል። ሲሊንደር ቆሞ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ መጋጠሚያው የሚፈተሸውም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሕጉ ነው፦ ያለ ፈቃድ ቤንዚን ከማደያ ውጭ መሸጥ ክልክል ሆኖ ሳለ አያያዙን ማስተማር ሕገ ወጡን ማበረታታት አይሆንም ወይ? አይመስለኝም። በላምባው የሚቃጠለው ቤንዚን ሸጦ የማያውቅ ቤተሰብ ነው፤ ክልከላው ደግሞ የሻጩን ማንቆርቆሪያ አያጥብም። ከላምባ ሻጭ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፦ ቤንዚን ነክቶት የማያውቅ፣ ቀለም የተቀባ ጀሪካን፣ የራሱ ማንቆርቆሪያና የራሱ መስፈሪያ። ቤንዚን የነካው ዕቃ በውኃ ስለታጠበ አይታመንም። የግድ ቤንዚን የሚያስቀምጥ ሰው ካለም፣ ሰው ከሚተኛበትና እሳት ከሚነድድበት ቤት ውጭ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልግለት፤ አፉ ድረስም አይሙላው።

ገዢውስ በምን ይለያል? ኩራዙ ነበልባሉን ከወትሮው ከፍ ካደረገ፣ ከተንጣጣ፣ ወይም ላምባው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ መጠርጠር አለበት። ሽታ ግን ሁልጊዜ አይናገርም፤ ለኩሶ መሞከርም ራሱ አደጋው ነው። የተጠረጠረ ላምባ ኩራዝም ምድጃም ውስጥ አይገባም፤ ቦይ ውስጥም አይደፋም፣ ትነቱ በቦዩ ተጉዞ ጎረቤት ቤት እሳት ያገኛልና።